ሪፈር ላደረገኝ ባልደረባ ምስጋናውን አሁን ልላክ ወይስ ውጤቱ ሲታወቅ?

ጥያቄውን ያነሳችው በአንድ ድርጅት የንብረት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። አብሯት ይሠራ የነበረ ባልደረባዋ ወደ ሌላ ድርጅት ከተዛወረ ቆይቷል። እዚያ በእሷ ሙያ ክፍት ቦታ ሲወጣ ሲቪዋን ተቀብሎ የውስጥ ሪፈራል ቅጹን ሞላላት። የት እንደሚያውቃትና ምን ስትሠራ እንዳያት በጥቂት መስመር ጻፈ። ጠሯት፣ ሄደች፣ ሦስት ሰዎች ፊት ኢንተርቪው ገባች።

ማታውኑ ለባልደረባዋ የምስጋና መልእክት ጻፈች። ከመላኳ በፊት ግን በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ ክር ከፍታ ለሁላችንም አቀረበችው። የጠየቀችው ነገር አንድ ነው፦ አሁን ልላከው ወይስ ውጤቱ እስኪታወቅ ልጠብቅ?

መልእክቷ ረዘም ያለ ነበር። በምስጋና ይጀምራል። ከዚያ የተጠየቀችውን ሁሉ ተራ በተራ ይዘረዝራል፤ በወረቀት ተሰጥቷት የሠራችው የቆጠራ ጉድለት መልመጃ ሳይቀር አለበት። ቀጥሎ ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዱ ፊቱን እንዳልፈታላትና እንዳልወደዳት ይናገራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዴት እንዳዩኝ ቀስ ብለህ ጠይቅልኝ የሚል ልመና አለው።

1ኛው መልስ አጭርና ጨዋ ነው። አሁን ላኪው፣ ምስጋና ሲውል ሲያድር ይቀዘቅዛል ብሎ አለፈ።

2ኛው ተቃወመ። ሥራውን ካላገኘሽ ለምን ታመሰግኚዋለሽ፣ ሰውየውም ይሸማቀቃል፣ ውጤቱ ሲመጣ አንዴ በደንብ አመስግኚው ነው የሚለው። ግማሹ ትክክል ነው፤ ውጤቱ ሲታወቅ ሌላ መልእክት መላክ ግድ ነው። ያ ግን የአሁኑን አያስቀረውም። ሰውየው የሚመሰገነው በሩን ስላስከፈተላት ነው እንጂ ስለ ቀጠራት አይደለም። እሱ የሚችለውን ኢንተርቪው ከመጠራቷ በፊት ጨርሷል።

ክሩን ያቃናው 3ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ለብዙ ዓመት በቅጥር ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነው፤ ከአጻጻፉም ያስታውቃል። ከኢንተርቪው በኋላ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስረዳ። በብዙ ቦታ ጠያቂዎቹ መጀመሪያ ግምገማቸውን ለየብቻ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ተገናኝተው ይወያያሉ። በዚህ መሃል የክፍሉ ኃላፊ ሪፈር ያደረገውን ሰው ቡና ማሽኑ ጋ ወይም ኮሪደር ላይ ሲያገኘው ያቺን ልጅ እንዴት ነው የምታውቃት ይለዋል። መደበኛ ጥያቄ አይደለም፣ ሁልጊዜም አይመጣም፤ ሲመጣ ግን ድንገት ነው። እሱ ደግሞ ኢንተርቪው መደረጉን እንኳ ካልሰማ መልሱ ይደነቃቀፋል። ስለዚህ መልእክቱ በዚያው ቀን ወይም ቢዘገይ በማግስቱ ጠዋት ሊደርሰው ይገባል አለ። ከዚያ ወደ ይዘቱ ገባና ምስጋናው ብቻ ይኑር፣ የቀረው ሁሉ ይውጣ አለ።

ምክንያቱን ለየብቻ ነው የዘረዘረው፤ እኔም እዚህ ላይ ረጋ ማለት እፈልጋለሁ።

የጥያቄዎቹ ዝርዝር የሚወጣው ያው መልመጃ ነገ ለሌላ አመልካች ስለሚሰጥ ነው። ሪፈር ያደረጋት ሰው የድርጅቱ ሠራተኛ ነው። ሌላ የሚያውቀው ሰው ለዚያው ቦታ ቢያመለክት፣ ፈተናው በስልኩ ውስጥ ተጽፎ የተገኘበት ሰው ይሆናል። እሱ ያልጠየቀውን ነገር ነው እጁ ላይ የምታስቀምጥበት።

ፊቱን ስላልፈታው ጠያቂ ያለችው የሚወጣው ደግሞ መልእክት ስለሚተላለፍ ነው። ባልደረባዋ ለክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። ለኃላፊው ምን ያህል ደስ እንዳላት ለማሳየት ብሎ እንዳለ ፎርዋርድ ቢያደርገውስ? ያ ጠያቂ ደግሞ የእሱ የቅርብ ጓደኛ ቢሆንስ? 3ኛው ሰው ይህን ብሎ አንድ መለኪያ ሰጠ፦ መልእክቱን ሦስቱ ጠያቂዎች እያነበቡት እንደሆነ አስበሽ ጻፊው። ከክሩ ሁሉ ያዋጣል የምለው ምክር ይሄ ነው።

የመጨረሻው ልመና ከሁሉም ይብሳል። በብዙ ድርጅት ሪፈር ያደረገ ሰው ግምገማው ውስጥ አይገባም፣ የተጻፈውንም አያይም። ቀስ ብለህ ጠይቅልኝ ሲባል ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚቀርለት፤ ወይ እንቢ ብሎ ማሳዘን፣ ወይ ማለፍ የሌለበትን መስመር ማለፍ። ጠየቀ እንበል፤ ኃላፊው ደጅ የሚጠና ሰው ነው ያመጣህልን ብሎ ያስባል። የሚጎዳው የእሷም የእሱም ስም ነው።

4ኛው መልስ ጥያቄውን ሳያነብ የገባ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በየስሙ ለየብቻ ኢሜይል ላኪ፣ 24 ሰዓት እንዳያልፍ፣ ያወራችሁትን አንድ ነገር አንሺለት ብሎ ብዙ ጻፈ። ምክሩ ክፉ አይደለም። 5ኛዋ ግን ቆጣ ብላ መለሰችለት፤ የተጠየቀው ለጠያቂዎቹ ስለሚላከው ሳይሆን ሪፈር ስላደረገው ሰው ነው፣ ቢያንስ ርእሱን አንብብ አለችው። እሱም ተቆጥቶ ሁለቱ ምን ልዩነት አላቸው ሲል ተከራከረ። ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ለጠያቂው የሚጻፈው ራስን ያስተዋውቃል፣ ለሥራው ያለን ፍላጎት ይገልጻል። ለባልደረባ በሚጻፈው ውስጥ ራስን መሸጥ አያስፈልግም፤ እሱ ሥራዋን ያውቃል። ከዚህ ጭቅጭቅ የተገኘች አንድ ጠቃሚ ነገር ግን አለች፦ አንዱን ጽሑፍ ገልብጦ ለሁሉም መላክ አይገባም። ሰዎቹ አንድ ሕንጻ ውስጥ ነው የሚውሉት፤ ይነጋገራሉ።

6ኛው የራሱን ጉዳይ ይዞ መጣ። የእሱ ሪፈር አድራጊ ወደ ሌላ ድርጅት የሄደ ሰው ሳይሆን አሁንም ጠረጴዛው አጠገብ የሚቀመጥ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ሌላ ድርጅት ውስጥ ዘመድ ስላለው ነው የጠቆመው። ከኢንተርቪው ሲመለስ ምስጋናውን በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ መልእክት መለዋወጫ ላከለት። ባልደረባው በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበር፣ ስክሪኑንም ለሁሉም አጋርቷል። መልእክቱ በማያ ገጹ ጥግ ብቅ አለ። የመጀመሪያው መስመር ኢንተርቪው የሚለውን ቃልና የሌላውን ድርጅት ስም ይዟል። አለቃው ተቀምጦ እያየ ነው። ሥራውን በመጨረሻ አገኘው፤ ያለፈባቸው ሳምንታት ግን ከባድ እንደነበሩ ነው የጻፈው።

ታሪኩ ከጠያቂዋ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፣ ግን ለእሷም ይሠራል። 3ኛው ሰው ተመልሶ በዚህ ላይ ሁለት መስመር አከለ። የመሥሪያ ቤት ኢሜይልና ቻት የአሠሪው ንብረት ነው፤ የላኪዋም ሆነ የተቀባዩ። በግል ስልክ ወይም በግል ኢሜይል ይሁን። የመጀመሪያው መስመርም ሰላምታ ብቻ ይሁን፤ ስልኩ ተቆልፎ እንኳ የሚታየው እሱ ነውና።

7ኛው መልስ ላይ አየሩ ተቀየረ። ምን ይሄን ሁሉ ያስለፋል አለ ሰውየው። እሷ ከተቀጠረች እሱ የሪፈራል ቦነስ ይበላል፤ እንዲያውም እሱ ነው ማመስገን ያለበት።

8ኛዋ በትዕግሥት አስረዳችው። ቦነስ የሚከፍሉ ድርጅቶች አሉ፣ የማይከፍሉም ብዙ ናቸው። የሚከፍሉትም ለኢንተርቪው አይከፍሉም። ሰው ተቀጥሮ ሦስት ወር ወይም ስድስት ወር ከቆየ በኋላ ነው ገንዘቡ የሚወጣው፤ ቀድሞ ከለቀቀ ይቀራል። ኃላፊዎችና የኤችአር ሰዎች ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ አይመለከታቸውም። ስለዚህ ሰውየው ዛሬ በእጁ ያለው ነገር የለም። ስሙን ግን አስይዟል። 7ኛው ለገንዘብ ካልሆነ ማን ነው ስሙን የሚያስይዘው ብሎ ደገመ፤ ሁለት ሰዎች ተነስተው ሰው ስለ ቅንነት አያውቅም ማለት ነው እንዴ ብለው ተናገሩት። ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት አራት መልስ ስድብ ቀረሽ ነው፣ እዘለዋለሁ።

13ኛው የእኔ ነው። ቦነስ ቢኖርም ባይኖርም በመልእክቱ ውስጥ እንዳይነሳ ነው ያልኩት። ብቀጠር አንተም ትጠቀማለህ የሚል ቃል፣ በቀልድም ቢሆን፣ ውለታውን ወደ ንግድ ይለውጠዋል። መልእክቱ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ደግሞ የጻፈው ስለሚያውቃት ሳይሆን ስለ ገንዘቡ ነው ያስብላል።

14ኛዋ ስጦታ ላኪለት አለች። ከልቧ ነው፤ ባዶ እጅ ምስጋና አይሆንም የሚል አስተዳደግ አላት። ለዚህም መልስ የሰጠው 3ኛው ሰው ነው፣ በዚህ ጊዜ ጠንከር ብሎ። ውሳኔ ሳይሰጥ የተላከ ስጦታ ከእጅ መንሻ አይለይም። ብዙ ድርጅቶች ስለ ስጦታ የተጻፈ ደንብ አላቸው፤ ባልደረባዋ ተቀብሎ ማሳወቅ ወይም መመለስ ሊኖርበት ነው። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ምሳ መጋበዝ ይቻላል፣ ያኔ ማንም ምንም አይልም።

ከዚያ ክሩ ትንሽ ተንሸራተተ። አንድ ሰው ሥራ ፈልጎ የማያውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ሪፈር አድርጉኝ እያለ ይጽፋል፣ ማንም አይመልስለትም፣ ለምን ይሆን ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰዎች መለሱለት፣ አንዱ ሲቪህን ላክልኝ አለው። መልካም ሰው ነው፤ ርእሱ ግን እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

መልሶ ያመጣው 18ኛው ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ በሥራ ዘመኑ ብዙ ሰው የጠቆመ ሰው ነው። ከሌላው ወገን ሆኖ ነው የጻፈው። አንድ ጊዜ አብሮት ይሠራ የነበረን ልጅ ሪፈር አደረገ። ቅጹን ከሞላ በኋላ ከልጁ ምንም አልሰማም። ከዕለታት አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ የዚያ ክፍል ኃላፊ አገኘውና ልጅህ ትናንት መጥቶ ነበር፣ የሚፈልገው ሥራ ይሄ ይመስልሃል አለው። ሽማግሌው መምጣቱንም አያውቅ። ፎቅ እስኪደርሱ የሚለው ጠፋው። አዎ ቢል አላወቀም፣ አላውቅም ቢል የማያውቀውን ሰው የጠቆመ ሊመስል ነው። ልጁ በኋላ ተቀጠረ፣ ጥሩ ሠራተኛም ሆነ። ሽማግሌው ግን ከዚያ ወዲህ ሪፈር ሲያደርግ አንድ ነገር አስቀድሞ እንደሚያስማማ ጻፈ፦ ስትጠራ ንገረኝ፣ ስትወጣም ንገረኝ። ብዙ ምስጋና አልፈልግም፣ ባዶ ሜዳ ላይ አትተወኝ ነው የሚለው።

19ኛዋ ቀጥላ ማንም ያላነሳውን ጠየቀች። ኢንተርቪው ገብቼ ሥራውን እንደማልፈልገው ብረዳስ? ሽማግሌው ራሱ መለሰላት። ያኔም ምስጋናው አይቀርም፣ ግን ውሳኔሽን ለኤችአር ከመንገርሽ ጥቂት ቀደም ብለሽ ወይም በዚያው ሰዓት ለእሱ ንገሪው። ምክንያትሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፤ የሥራው ሰዓት ወይም የሥራው ዓይነት ከሆነ ያንኑ በይ። ስለ ሰዎቹ ክፉ አትናገሪ፤ እሱ ነገም ከእነሱ ጋር ነው የሚውለው። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማ ግን ሁለተኛ ስምሽን አያነሳም። ይህን መልስ ብዙ ሰው ወደደው።

20ኛው ላይ ጠያቂዋ ራሷ ተመለሰች። የመጀመሪያውን ጥላ እንደ አዲስ ጽፋዋለች። ፈቃዷን ስላገኘሁ እንዳለ አሰፍረዋለሁ፦

ሰላም፣ እንዴት አደርክ?
ትናንት ከሰዓት ኢንተርቪው ገብቼ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ፣ አንድ የፋይናንስ ባለሙያና አንዲት የኤችአር ሠራተኛ ነበሩ። አብረን ሳለን የዕቃ ቆጠራውን በዓመት አንዴ ከማድረግ ዋና ዋናዎቹን ዕቃዎች በየሳምንቱ ወደ መቁጠር ያዞርንበትን ሥራ አነሳሁላቸው፤ ያንተንም ድርሻ ነግሬያቸዋለሁ። ከተጠየቅህ ይህን አንሳላቸው።
ውጤቱን በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ኤችአር ያሳውቀኛል፤ ከእነሱ እጠብቃለሁ።
ስምህን አስይዘህ ስለጠቆምከኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ የምነግረው ላንተ ነው።

ወዲያው ምስጋና ዘነበላት። 21ኛው ግን አንድ ነገር ያዘ። ጥያቄዎቹ ይውጡ ተብሎ የለም ወይ፣ ታዲያ ስለ ቆጠራው ለምን ተጻፈ? 3ኛው ሰው መለሰ። የራሷን ሥራ ምን ብላ እንዳቀረበች መናገር የፈተናውን ወረቀት ከመናገር ይለያል። ያ ሥራ የሁለቱም ነው። ኃላፊው ሲጠይቀው እሱ ስለ አንድ ሥራ እሷ ስለ ሌላ እያወሩ ሳይሆን ስለ አንድ ነገር ይነጋገራሉ፤ እሱም ታታሪ ናት ብሎ ከማለፍ የሚጨበጥ ነገር ይኖረዋል። ከተጠየቅህ ይህን አንሳላቸው የሚለው መስመር ግን ይውጣ አለ። ምን እንዳለች ማሳወቅ አንድ ነገር ነው፣ ምን እንዲል ማዘዝ ሌላ። መልእክቱ ፎርዋርድ ቢደረግ ያቺ አንዲት መስመር ምስክር እንዳሰለጠነች ታስቆጥራታለች። እኔም እስማማለሁ፣ መስመሯ ሳትኖርም ሰውየው ነገሩን ይገባዋል። ጠያቂዋ አወጣቻት።

ስለ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር የተደረገው ክርክር ግን አልተቋጨም። 23ኛዋ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ማለት ተስፋ መቁረጥ ይመስላል፣ ይውጣ አለች። ሽማግሌው የለም፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደስተኝ እሱ ነው፤ የውጤቱ ሸክም እኔ ላይ እንዳልወደቀ ያሳየኛል አለ። ሁለቱም ለሚያውቁት ሰው ትክክል ይመስሉኛል። ጠያቂዋ ተወችው፣ አላወጣችውም።

25ኛው መጻፍ ለምን፣ ደውዪለት አለ። 26ኛዋ ደግሞ ስልክ ሰውን መልስ ያስገድዳል፣ እንዴት ሆነ ብሎ ይጠይቃል፣ እሷም ሳታስበው የፈተናውን ነገር ትዘረግፋለች አለች። አንዳንዱ በድምፅ መልእክት ይሁን ብሎ አስታራቂ ሐሳብ አመጣ፤ ሌላው ሥራ ቦታ ማን ድምፅ ይከፍታል አለው። ሰውየው መደወል የሚወድ ከሆነ ይደወልለት የሚሉም ነበሩ። እኔ የተጻፈውን እመርጣለሁ፤ የቀጠሮ ቀኑንና የኃላፊውን ማንነት ተመልሶ ማየት ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት በግል ስልኩ እንደላከችለት ጻፈች። ከአንድ ሰዓት በኋላ አጭር መልስ መጣላት፦ ስላሳወቅሽኝ አመሰግናለሁ፣ መልካም ዕድል ብቻ ነው ያላት። አንዳንዶች ቅር አላቸው፣ ቀዝቃዛ ነው አሉ። 3ኛው ሰው ግን መሆን ያለበት እንደዚያ ነው አለ። ሂደቱ ገና አላለቀም፤ ብዙ የማይጽፍ ሰው ሥራውን ያውቃል።

የመጨረሻው ጥያቄ 30ኛው ላይ ነው። የተባለው ሳምንት አልፎ ድምፅ ቢጠፋስ ለባልደረባዋ ትጻፍ? እዚህ ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል ተስማማ። ቀኑ ካለፈ ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ትጠብቅ፣ ከዚያ ለኤችአሯ ሴት ትጻፍ፤ ቀኑን የሰጠቻት እሷ ናት። ለባልደረባዋ የሚጻፈው መልስ ሲመጣ ነው። 7ኛው ብቻ ተመልሶ እኔ ብሆን ለእሱ ነው የምደውለው፣ ዘመድ ለመቼ ነው አለ። ማንም አልመለሰለትም።